ቁጥር ቤት ሲቀይር

መጋቢት ባለቀ ማግስት ነበር። የማዳበሪያ ስርጭት ሪፖርቱ በዚያው ቀን እስከ ሥራ መውጫ ሰዓት ዞን መድረስ አለበት፤ እኔ ደግሞ ወረዳው ቢሮ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ቅጹ ከእኔ በፊት የነበረ ባልደረባ ያዘጋጀው የኤክሴል ፋይል ሲሆን፣ አሥራ ሁለት ቀበሌዎች በአሥራ ሁለት ረድፍ ተደርድረውበታል። ከእኔ የሚጠበቀው በየቀበሌው መጋዘን የገባውንና ለገበሬው የተሰራጨውን ኩንታል መሙላት ብቻ ነው፤ ቀሪውን ፋይሉ ራሱ ያሰላል። «ቢጫዎቹን ሙላ፣ ነጮቹን አትንካ» ብለው ነው ያስረከቡኝ። ነጮቹን አልነካሁም። ሪፖርቱ ግን ተበላሸ፣ መበላሸቱንም ያወቅነው በወሩ ነው።

ከዚያ ወዲህ ብዙ አዲስ ሠራተኞችን ወርሃዊ ቅጽ አሞላል አሠልጥኛለሁ። ሥልጠናውን ሁልጊዜ የምጀምረው በዚያች ቀን በሠራሁት ስህተት ነው፤ ምክንያቱም ቅጽ የሚያበላሸው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ፎርሙላ ላይ የጻፈው አይደለም። እንዲሞላ በተፈቀደለት ሴል ላይ፣ ትክክለኛውን ቁጥር፣ በትክክለኛው ቦታ አስቀምጦ ነው የሚያበላሸው።

ቅጹ እንዲህ ነበር። ዓምድ A የቀበሌው ስም፣ B ካለፈው ወር የዞረ፣ C በወሩ የገባ፣ D በወሩ የተሰራጨ፣ E ቀሪ። ቀበሌዎቹ ከረድፍ 6 እስከ 17 ሲሆኑ ረድፍ 18 ድምሩ ነው። እዚህ የሚያስፈልጉን ፎርሙላዎች ሦስት ናቸው፦

```
E10   =B10+C10-D10
E11   =B11+C11-D11
E18   =SUM(E6:E17)
```

የዞረው ሲደመር የገባው፣ ሲቀነስ የተሰራጨው፤ ማንም የመጋዘን ሰው በቃሉ የሚያውቀው ሂሳብ ነው። አምስተኛው ቀበሌ ረድፍ 10 ላይ ነው፤ 120 ኩንታል ዞሮለት 400 ገብቶለታል፣ መኪናው የደረሰው በወሩ መጨረሻ ስለነበር ግን ለገበሬው ገና አንድም ኩንታል አልሰጠም። ስድስተኛው ቀበሌ ረድፍ 11 ላይ ነው፤ 85 ዞሮለት 400 ገብቶለታል፣ ከዚያ 340 አሰራጭቷል። እኔ ያንን 340 በስህተት አንድ ረድፍ ከፍ አድርጌ D10 ላይ ጻፍኩት።

ስህተቴን ወዲያው አየሁ። ቁጥሩን መረጥኩና Ctrl+X ተጭኜ ቆረጥኩት፤ አንድ ረድፍ ወርጄ D11 ላይ Ctrl+V ተጭኜ ለጠፍኩት። ደብዳቤ ስጽፍ አንድን ዓረፍተ ነገር ከቦታ ቦታ የማዛውረው እንደዚሁ ስለነበር ሌላ አደጋ አልታየኝም። ቁጥሩ አሁን ትክክለኛ ቦታው ገብቷል። E11 ላይ ግን #REF! የሚል ጽሑፍ ብቅ አለ፣ ታችም ድምሩ ላይ ያው ጽሑፍ ተደገመ።

ያኔ የተፈጠረው ምን እንደሆነ ለመረዳት፣ ፎርሙላ በውስጡ የያዘው ቁጥር ሳይሆን አድራሻ መሆኑን ማስታወስ ያሻል። E10 «D10 የሚባለው ቤት ሄጄ ያለውን አመጣለሁ» እያለ ነው የሚሠራው። አንድን ቁጥር ኮፒ አድርገን ሌላ ቦታ ስንለጥፍ ቤቱ በቦታው ይቀራል፤ አዲሱ ቦታ ላይ ቅጂው ብቻ ይገባል። ቆርጠን ስንለጥፍ ግን ኤክሴል የሚረዳው በሌላ መንገድ ነው። «ባለቤቱ ቤት ቀየረ፣ እሱን የሚፈልጉ ሁሉ ተከትለውት ይሂዱ» ብሎ፣ D10ን ይጠሩ የነበሩትን ፎርሙላዎች በሙሉ ወደ D11 ያዞራቸዋል። ቀድሞ D11 የነበረው ቤት ደግሞ እንደፈረሰ ይቆጠራል። እሱን ይጠሩ የነበሩ ፎርሙላዎች የሚሄዱበት አድራሻ የላቸውምና #REF! ይላሉ። ስለዚህ ከዚያች አንዲት መቁረጥ በኋላ ሁለቱ ፎርሙላዎች እንዲህ ሆነው ቀሩ፦

```
E10   =B10+C10-D11
E11   =B11+C11-#REF!
```

ሁለቱን መስመሮች ቀስ ብለው ያስተያዩአቸው። E11 ተሰብሯል፣ መሰበሩንም ጮኾ ይናገራል። E10ም ተሰብሯል፣ እሱ ግን ዝም ብሏል። የስድስተኛውን ቀበሌ 340 ኩንታል ከአምስተኛው መጋዘን ላይ እየቀነሰ 180 የሚል ንጹህ ቁጥር ያሳያል። ትክክለኛው 520 ነበር።

እኔ ያየሁት የሚጮኸውን ብቻ ነው። ሰዓቱ እየሄደ ነው፣ ከዞንም ሁለት ጊዜ ተደውሏል። ካልኩሌተር አወጣሁና 85 ሲደመር 400፣ ሲቀነስ 340 ብዬ 145 አገኘሁ፤ #REF! የሚለውን አጥፍቼ 145 ብዬ በእጄ ጻፍኩበት። ድምሩም ላይ የነበረው ጽሑፍ ጠፋና 2,120 ኩንታል ቀሪ አለ አለኝ። እፎይ ብዬ ላክሁት። በትክክል ቢሰላ ወረዳው የነበረው ቀሪ 2,460 ነው። ልዩነቱ ያው 340 ነው።

በሚያዝያ ሺቱን ኮፒ አድርጌ ስሙን ቀየርኩ፣ የዞረውን ዓምድም ከመጋቢት እንዲወስድ አስተካከልኩ፣ አዲሱን ወር ሞላሁ። ስድስተኛው ቀበሌ በሚያዝያ 200 ገብቶለት 300 አሰራጭቷል፤ ቀሪው 45 መሆን ሲገባው ቅጹ አሁንም 145 ይላል፤ ባለፈው ወር በእጄ የጻፍኩት ቁጥር እኮ ነው፣ ማን ያነቃንቀዋል? አምስተኛው ቀበሌ ደግሞ ምንም ሳይገባለት 410 ኩንታል አሰራጭቷል። ቅጹ ግን የሚቀንሰው የእሱን 410 ሳይሆን የጎረቤቱን 300 ነው፤ ያውም ስህተት ከሆነው 180 ላይ። ውጤቱ ከዜሮ በታች 120 መጣ።

መጋዘን ከባዶ በታች ሊሆን አይችልም። ኃላፊዬ ቁጥሩን አይተው የአምስተኛው ቀበሌ መጋዘን ጠባቂ ማብራሪያ እንዲሰጡ ደብዳቤ አስጻፉ። ሰውየው በዕድሜ የገፉ፣ ሥራቸውን ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ቢን ካርዳቸውንና የሞዴል 22 ጥራዛቸውን ይዘው ከቀበሌ ድረስ መጡና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጉት።

«ልጄ፣ በመጋቢት አንድም ሞዴል 22 አልቆረጥኩም። ካርዴ ላይ አምስት መቶ ሃያ ነው ያለው። የእናንተ መቶ ሰማንያ ከየት መጣ?»

መልስ አልነበረኝም። እሳቸው አጠገቤ ቆመው ነው E10ን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠቅ አድርጌ፣ ከላይ በፎርሙላ መስመሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ያነበብኩት።

አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን ሊያውቀው የሚገባው ነገር ከዚህ ይነሳል። ሞልተው የተሳሳቱትን ቁጥር በፍጹም ቆርጠው አያዛውሩ። የተሳሳተውን ሴል መርጠው Delete ይጫኑ፣ ከዚያ ትክክለኛው ቦታ ላይ እንደ አዲስ ይጻፉት። ሁለት ሰከንድ ይጨምራል፣ ፎርሙላዎቹ ግን ከቦታቸው አይነቃነቁም። ቁጥርን በመዳፊት ከጠርዙ ይዞ ወደ ሌላ ሴል መጎተትም ያው መቁረጥ ነው፤ እንዲያውም እሱ ይብሳል፣ ሰው ሳያስበው ያደርገዋልና። ከሆነ ደግሞ ሌላ ምንም ሳይነኩ Ctrl+Z። ከዘገየ፣ በዚያው ዓምድ ካለው ጤናማ ፎርሙላ ይጀምሩ፤ በእኔ ሁኔታ E9 ጤነኛ ነበር። እሱን ኮፒ አድርጎ E10 እና E11 ላይ መለጠፍ ሁለቱንም ይፈውሳቸዋል፣ ኤክሴል የረድፉን ቁጥር ራሱ አስተካክሎ ይጽፋልና። #REF! በሚልበት ቦታ ላይ በካልኩሌተር የተሰላ ቁጥር መጻፍ ግን በተሰበረ እግር ላይ ነጠላ እንደመሸፈን ነው። ጩኸቱን ያጠፋል፣ ስብራቱን ለቀጣዩ ወር ያወርሳል።

ሥልጠና ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ጥያቄ አለ። በቅርቡ አንዲት ወጣት እንዲህ አለችኝ፦ «ጋሼ፣ ታዲያ ፎርሙላው ያለበትን ለምን አትቆልፉትም? እኛ መንካት ካልቻልን አይበላሽም።»

ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ግማሽ ነው። መቆለፍ ይቻላል። ቅጹን የሚያዘጋጀው ሰው የሚሞሉትን ሴሎች መርጦ Ctrl+1 ይጫንና Protection በሚለው ገጽ ላይ Locked ከሚለው ላይ ምልክቱን ያነሳል፤ ከዚያ Review ከሚለው ውስጥ Protect Sheet ያደርጋል። ከዚህ በኋላ ነጩ ሴል ላይ ቢጽፉ ኤክሴል እምቢ ይላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ሁሉም የጋራ ቅጽ ሊቆለፍ ይገባል። ነገር ግን ቁልፉ የሚከላከለው ፎርሙላው ላይ መጻፍን እንጂ ከፎርሙላው ሥር ቤቱን ማፍረስን አይደለም። D10 እና D11 ሁለቱም የሚሞሉ፣ ያልተቆለፉ ሴሎች ናቸው። አንዱን ቆርጠው ሌላው ላይ ቢለጥፉ፣ ሺቱ ተቆልፎም እንኳ E11 #REF! ይላል። ይባስ ብሎ አሁን E11 ስለተቆለፈ፣ ሠራተኛዋ ልታስተካክለው ብትፈልግም አትችልም። ይህንን እዚያው ኮምፒውተሩ ላይ ስናሳያት ዝም አለችና «እንግዲህ እጃችን ነው የሚቆለፈው» አለች።

አሁን ወደ ዝምተኞቹ ስህተቶች እንምጣ። ከመቁረጥ ቀጥሎ በተደጋጋሚ የማየው ቁጥር የሚመስል ጽሑፍ ነው። ኤክሴል በአንድ ሴል ውስጥ ያለውን ነገር ወይ ቁጥር፣ ወይ ጽሑፍ ብሎ ይለየዋል። «25» ብለው ቢጽፉ ቁጥር ነው። «25 ኩንታል» ብለው ቢጽፉ ጽሑፍ ነው። ስርጭት ስላልነበረ «የለም» ብለው ቢጽፉ፣ ወይም ሰረዝ ቢያደርጉ፣ እሱም ጽሑፍ ነው። አንድን ቁጥር ለማጥፋት Delete በመጫን ፈንታ ረጅሙን የክፍተት ቁልፍ ቢጫኑ ሴሉ ባዶ ይመስላል እንጂ ባዶ አይደለም፤ ውስጡ አንድ የማይታይ ፊደል ተቀምጧል።

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት ፎርሙላዎች ሁለት ዓይነት ጠባይ ያሳያሉ። በመደመርና በመቀነስ ምልክት የተሠራው፣ እንደ E10 ያለው፣ ከእነዚህ አንዱ ከገጠመው #VALUE! ብሎ ይጮኻል። SUM ግን ጽሑፉን ዘልሎ የቀሩትን ይደምራል፣ አንዲት ቃል አይናገርም። D12 ላይ «260 ኩንታል» ተብሎ ቢጻፍ፣ የስርጭት ድምሩ በ260 ጎድሎ እየታየ ማንም ላያስተውል ይችላል። ባለቅጹ ቀሪውን ከድምር ላይ ብቻ የሚያሰላ ቢሆን ኖሮ ደግሞ የሚጮኽ ሴል ጭራሽ አይኖርም።

እኛ አገር ይህን ስህተት የሚያበዙ ሁለት ልማዶች አሉ። አንደኛው የቀበሌ ሪፖርት በቴሌግራም መምጣቱ ነው። ከመልእክቱ ላይ «1 200» የሚለውን ኮፒ አድርገው ሲለጥፉት መሃል ላይ ያለው ክፍተት አብሮ ይገባል፣ ቁጥሩም ጽሑፍ ይሆናል። ሁለተኛው የአማርኛ ኪቦርድ ነው። አማርኛው በርቶ ሳለ 12.5 ሊጽፉ ሲሉ፣ በአንዳንዶቹ ኪቦርዶች ነጥቡ ወደ አራት ነጥብ ይለወጥና 12።5 ይሆናል። በስክሪን ላይ ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ በተለይ ፊደሉ ትንሽ ሲሆንና ዓይን ሲደክም። ለኤክሴል ግን 12።5 ከ«አበበ» የተለየ ነገር አይደለም። ቁጥር ሲሞሉ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱ፤ ከቴሌግራም የመጣውንም ከመለጠፍ ይልቅ እያዩ ይጻፉት። አሥራ ሁለት ቁጥር ለመጻፍ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

መለያውስ? ማንም ማሰለፊያውን ካልነካው በቀር ቁጥር በሴሉ ውስጥ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ይቆማል፣ ጽሑፍ ወደ ግራ። ዓምዱን ከላይ እስከ ታች ሲያዩት ከሰልፉ ወጥቶ ወደ ግራ የተጠጋ ካለ እሱን ይጠርጥሩ። ሌላም የተሻለ መንገድ አለ። የሞሉአቸውን አሥራ ሁለት ሴሎች ይምረጡና የስክሪኑን የታችኛውን ጠርዝ ይመልከቱ። እዚያ Count እና Sum የሚሉ አሉ። በዚያው መስመር ላይ የቀኝ መዳፊት ጠቅ አድርገው Numerical Count የሚለውንም ያስጨምሩ። Count ባዶ ያልሆኑትን ሁሉ ይቆጥራል፤ Numerical Count ቁጥር የሆኑትን ብቻ። አንዱ 12 ሌላው 11 ካለ፣ ከአሥራ ሁለቱ መካከል አንዱ ቁጥር መስሎ የተቀመጠ ጽሑፍ ነው። ስርጭት ለሌለው ቀበሌ ደግሞ ቅጹ የሚያዘው ዜሮ ከሆነ ዜሮ ይጻፉ። ዜሮ ማለት «ተቆጥሮ ምንም አልተገኘም» ነው፣ ባዶ ማለት ደግሞ «ሪፖርቱ አልደረሰኝም» ሊሆን ይችላል። አማካይ የሚያሰላ ቅጽ ላይ ይህ ልዩነት ውጤቱን ይለውጠዋል፤ AVERAGE ባዶውን ዘልሎ ያካፍላል፣ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል።

ስለ ቀንም አንድ ነገር ማለት አለብኝ፣ ምክንያቱም ይህ የእኛው የብቻችን ችግር ነው። ኤክሴል ቀን መስሎ የታየውን ነገር የሚያነበው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። መጋቢት 12 ቀን 2017ን 12/7/2017 ብለው ቢጽፉለት፣ ኮምፒውተሩ ወርን በሚያስቀድመው በአሜሪካኑ አጻጻፍ ከተስተካከለ የፈረንጆቹ ዲሴምበር 7 ብሎ ይይዘዋል። መጋቢት 30ን 30/7/2017 ብለው ሲጽፉ ደግሞ ሠላሳኛ ወር ስለሌለ ተስፋ ቆርጦ ጽሑፍ አድርጎ ይተወዋል። ጳጉሜን 5ን 5/13/2016 ቢሉትስ? ሜይ 13 ይላል። በአንድ ዓምድ ውስጥ ግማሹ የተሳሳተ ቀን፣ ግማሹ ጽሑፍ ሆኖ ይቀመጣል ማለት ነው። በቀን ቅደም ተከተል ለመደርደር ሲሞክሩ የሚፈጠረውን መገመት አይከብድም። በሥልጠናዬ የምመክረው ቅጹ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች እንዲጠይቅ፣ ወሩም ከመስከረም እስከ ጳጉሜን ተዘርዝሮ የሚመረጥ እንዲሆን ነው። ቅጹ እንዲህ ካልተሠራና አንድ ሴል ብቻ ካለው፣ ባለቅጹን በየትኛው አቆጣጠር እንደሚፈልገው ሳይጠይቁ አይሙሉ።

አሁን ደግሞ አሥራ ሦስተኛ ቀበሌ ተጨመረ እንበል። አዲሱ ሠራተኛ ምን ያደርጋል? ከመጨረሻው ቀበሌ ሥር፣ ከድምሩ በላይ አዲስ ረድፍ ያስገባል፤ አዲስ የመጣ መጨረሻ ላይ ይቀመጣልና። ለዚህም የድምሩን ረድፍ፣ 18ን፣ ይመርጥና Insert ይላል። አዲሱ ረድፍ 18 ይሆናል፣ ድምሩ ወደ 19 ይወርዳል። በድምሩ ውስጥ ያለው ግን አሁንም `SUM(E6:E17)` ነው፤ አሥራ ሦስተኛው ቀበሌ ከአጥሩ ውጭ ቀረ። ኤክሴል አንዳንዴ ራሱ አስተውሎ አጥሩን ያሰፋል፣ አንዳንዴ አያሰፋም፤ በእሱ ላይ መተማመን አይቻልም።

እንዲህ ያለው ስህተት በታላላቅ ሊቃውንትም ላይ ደርሷል። የምጣኔ ሀብት ምሁራን ካርመን ራይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ በ2010 በፈረንጆች አቆጣጠር ባወጡት ጥናት፣ የመንግሥት ዕዳ ከአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ ዕድገት ክፉኛ እንደሚወርድ ጽፈው ነበር፤ ጥናቱም በብዙ አገሮች የበጀት ክርክር ውስጥ ተጠቀሰ። በ2013 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን የኤክሴል ፋይላቸውን ሲከፍት፣ አማካዩን የሚያሰላው ፎርሙላ ከረድፍ 30 ተነስቶ 49 መድረስ ሲገባው 44 ላይ ቆሞ አገኘው። አምስት አገሮች ሳይቆጠሩ ቀርተዋል። የጥናቱ ችግር ይህ ብቻ አልነበረም፣ ትልቁም ይህ አልነበረም፤ ምሁራኑ ግን የፎርሙላውን ስህተት አምነው ተቀብለዋል። ያ ፎርሙላ አንድም የስህተት ምልክት አላሳየም፣ ቆንጆ ቁጥር ነበር የሚያሳየው።

ረድፍ መጨመር ግድ ከሆነ መጨመር ያለበት በመሃል ነው፤ ለምሳሌ ረድፍ 17ን መርጦ Insert ማለት። ያኔ የቀድሞው አሥራ ሰባተኛ ወደ 18 ወርዶ አጥሩ አብሮት ይሰፋል። ከዚያ የE ዓምድን ፎርሙላ ከላይ ካለው ሴል ኮፒ ማድረግ አይረሳ፣ አዲሱ ረድፍ ባዶውን ሊመጣ ይችላልና። ግን የጋራ ቅጽ ከሆነ ለአዲስ ሠራተኛ የምሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ረድፍ አይጨምሩ፣ አይሰርዙም፣ ለባለቅጹ ይደውሉ። ምክንያቱ ደግሞ የእርስዎ ፋይል ላይ አይታይም። ዞን ላይ ያለችው የማጠቃለያ ባለሙያ የየወረዳውን ፋይል ከራሷ ፋይል ጋር በሊንክ አያይዛው ሊሆን ይችላል፤ የእሷ ፋይል ከየወረዳው E18ን ነው የሚያመጣው። የእርስዎ ድምር ወደ E19 ሲወርድ የእሷ ፋይል ተዘግቶ ከነበረ ይህን አያውቅም። E18ን እንደቀድሞው ያነሳና የአንዲትን ቀበሌ ቀሪ የወረዳው ጠቅላላ ቀሪ አድርጎ ይይዘዋል።

ከመላኬ በፊት የማደርገው ምርመራ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ነው። መጀመሪያ Ctrl ይዤ ከ1 በስተግራ ያለችውን ` የምትል ቁልፍ እጫናለሁ። በሺቱ ላይ ያሉት ውጤቶች ይጠፉና በቦታቸው ፎርሙላዎቹ ይታያሉ። የE ዓምድን ከላይ ወደ ታች በጣቴ እከተላለሁ። `=B8+C8-D8`፣ `=B9+C9-D9`፣ እያለ በሰልፍ መውረድ አለበት። ያኔ ይህን አውቄ ቢሆን ኖሮ በረድፍ 10 ላይ D11 የሚለው፣ በረድፍ 11 ላይ ደግሞ ራቁቱን የቆመው 145 ዓይኔ ውስጥ ይገቡ ነበር። ያችኑ ቁልፍ ደግሜ ስጫን ሺቱ ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ቀጥሎ የማየው ባለቅጹን ለምኜ ያስገባኋትን አንዲት የማረጋገጫ ሴል ነው። ከድምሩ ሥር ትቀመጣለች፦

```
=B18+C18-D18-E18
```

የዞረው ጠቅላላ ሲደመር የገባው ጠቅላላ፣ ሲቀነስ የተሰራጨው ጠቅላላ፣ ከቀሪው ጠቅላላ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ስለዚህ ይህች ሴል ምንጊዜም ዜሮ ማለት አለባት። በዚያ በመጋቢት ብትኖር ኖሮ፣ 1,150 ሲደመር 4,600፣ ሲቀነስ 3,290፣ ሲቀነስ 2,120 ብላ 340 ታሳየኝ ነበር። ይህ ቁጥር ደግሞ እንዲሁ የመጣ ቁጥር አይደለም። ልዩነቱ ብዙውን ጊዜ የተሳሳተው ቁጥር ራሱ ስለሆነ፣ Ctrl+F ተጭነው 340 ብለው ቢፈልጉ ፋይሉ D11 ላይ ይዞዎት ይሄዳል፤ ከዚያ አንድ ረድፍ ከላይና አንድ ረድፍ ከታች ያለውን ፎርሙላ ማየት ነው። የዚህች ሴል ገደብ መታወቅ አለበት፤ ድምሮቹ እርስ በርስ መስማማታቸውን እንጂ የሞሉት ቁጥር እውነት መሆኑን አታውቅም። 340 የተሰራጨውን 430 ብለው ቢጽፉ ዜሮ እንዳለች ትቀራለች። ለዚያ የሞዴል 22ቱን ጥራዝ ከፍቶ ከD ዓምድ ጋር ማመሳከር ብቻ ነው መንገዱ።

በመጨረሻም ፋይሉን በወሩ ስም ለየብቻ አስቀምጣለሁ። በጋራ ማስቀመጫ ላይ ከሆነ የምንሠራው፣ እንደ ጎግል ድራይቭ ወይም ዋንድራይቭ ባለው፣ ወደ ቀደመው ቅጂ መመለስ የሚያስችለውን Version history የት እንዳለ ለአዲሱ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን አሳየዋለሁ።

ያን ጊዜ መጋዘን ጠባቂው ጠረጴዛዬ አጠገብ እንደቆሙ E9ን ኮፒ አድርጌ ሁለቱን ሴሎች መለስኳቸው፣ መጀመሪያ በመጋቢት፣ ቀጥሎ በሚያዝያ። የሚያዝያው E10 ከዜሮ በታች 120 ከሚለው ወደ 110 ተለወጠ። እሳቸው መነጽራቸውን አስተካክለው ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ ቢን ካርዳቸውን አዩ። ካርዱ ላይም 110 ነበር። ኃላፊዬ በዚያው ዕለት የማብራሪያ ደብዳቤውን የሚሽር ሌላ ደብዳቤ ፈረሙላቸው፣ እኔም የሁለቱን ወራት የተስተካከለ ሪፖርት ከስህተቱ ዝርዝር ጋር ለዞን ላክሁ።